ያልተመለሰውን ጥያቄ መፈለግ፦ የሀበሻ ቀሚስ ሻጮችን የቴሌግራም ቻናሎች በቀላል ዘዴ መፈተሽ

መግቢያ

በአዲስ አበባ የሀበሻ ቀሚስ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ በቀጥታ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወጣ ነበር። ዛሬም ይወጣል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ከመውጣቱ በፊት ስልኩን ከፍቶ የቴሌግራም ቻናሎችን ያገላብጣል። በእነዚህ ቻናሎች የሚታየው ነገር እርስ በርሱ እጅግ ይመሳሰላል፦ ነጭ ሸማ፣ ሰፊ ጥበብ፣ አሻንጉሊት ላይ የተሰቀለ ቀሚስ፣ ከሥሩም ስልክ ቁጥርና «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ቃል። ገዢው አንዱን ሻጭ ከሌላው ለመለየት ይቸገራል፤ ሻጩም በምን ተለይቶ መታየት እንዳለበት አያውቅም።

በዚህ ገበያ አዲስ ቻናል የሚከፍት ትንሽ አውደ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን መንገድ ይከተላል። አንደኛው የትልቁን ቻናል ፍጥነት መከተል፣ ማለትም በቀን ስምንትና ዐሥር ልጥፍ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ብዙ የስሜት ምልክት የተሰጠውን የልጥፍ ዓይነት መቅዳት ነው። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ፤ ፎቶ የሚያነሣው፣ የሚለጥፈውና ለደንበኛ የሚመልሰው ሰው ብዙ ጊዜ ቀን ሲሰፋ የዋለው ያው አንድ ሰው ነውና።

ይህ ጽሑፍ ሦስተኛ መንገድ ያቀርባል። ተፎካካሪዎች በየስንት ጊዜው እንደሚለጥፉ፣ በምን ዓይነት እንደሚለጥፉና ተመልካቹ ምን ምላሽ እንደሚሰጥ በአንድ ሠንጠረዥ መዝግቦ ከዚያ ውስጥ ክፍተት የመፈለግ ዘዴ ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፤ ክፍተት ማለት ማንም ያልለጠፈው ነገር ሳይሆን ገዢዎች ደጋግመው የሚጠይቁት፣ ሻጮች ግን በልጥፋቸው የማይመልሱት ጥያቄ ነው። ቀጥሎ የሚቀርቡት ስድስት ቻናሎችና ቁጥሮቻቸው አሠራሩን ለማሳየት የተዘጋጁ ምሳሌዎች እንጂ የነባር ነጋዴዎች መረጃ አይደሉም።

ማንን፣ መቼና እስከ መቼ

የፍተሻው የመጀመሪያ ውሳኔ የተፎካካሪዎች ምርጫ ነው። ትልልቆቹን ብቻ መምረጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ትልቅ ቻናል ትልቅ የሆነው ዛሬ በሚሠራው ሳይሆን ከዓመታት በፊት በሠራው ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ለአንድ ገዢ በእርግጥ አማራጭ ሊሆኑ የሚችሉ፣ በዋጋና በዕቃ ዓይነት የሚቀራረቡ፣ በተከታይ ብዛት ግን የሚለያዩ ከአምስት እስከ ስምንት ቻናሎች ቢመረጡ በቂ ነው። በዚህ ምሳሌ ስድስት ተመርጠው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ እና ረ ተብለዋል።

ሁለተኛው ውሳኔ ጊዜ ነው። የሀበሻ ቀሚስ ገበያ ከበዓልና ከሠርግ ወራት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ከእንቁጣጣሽ በፊት ባሉት ሳምንታት የተሰበሰበ መረጃ የሚያሳየው የበዓሉን ግፊት ነው፤ የሻጮቹን የዘወትር ልማድ አያሳይም። በምሳሌው የተመረጠው ከጥቅምት 1 እስከ ጥቅምት 28 ያለው ጊዜ ነው። መስቀል አልፏል፣ የገና ግዢ ገና አልተጀመረም። ሃያ ስምንት ቀን መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አራት ሙሉ ሳምንታት ስለሆነ እያንዳንዱ የሳምንቱ ቀን እኩል አራት ጊዜ ይገባል። ሠላሳ ቀን ቢወሰድ ሁለት ቀናት አምስት ጊዜ ይገቡና፣ እነዚያ ቅዳሜና እሑድ ከሆኑ ውጤቱን ያዛባሉ።

ሦስተኛው ውሳኔ ቁጥሩ የሚነበብበት ቀን ነው። የአንድ ልጥፍ ዕይታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፍጥነት ያድግና ከዚያ ይዘገያል። ትናንት የወጣን ልጥፍ ከወር በፊት ከወጣው ጋር ማነጻጸር ትናንት የተዘራን ከደረሰ ሰብል ጋር እንደ ማነጻጸር ነው። ስለዚህ ንባቡ የመጨረሻው ልጥፍ ሰባት ቀን እስኪሞላው፣ ማለትም እስከ ኅዳር 5 ይቆያል። ሰባት ቀን በቂ መሆኑን ለማረጋገጥ ከመጨረሻዎቹ ልጥፎች ዐሥሩ ከአንድ ሳምንት በኋላ እንደ ገና ይነበባሉ። ቁጥራቸው ብዙም ካልተለወጠ የመጀመሪያው ንባብ ይጸናል፤ በግልጽ ካደገ ግን ንባቡ መዘግየት ነበረበት ማለት ነው።

ምን ይመዘገባል

የሕዝብ የሆኑ የቴሌግራም ቻናሎችን ያለ አባልነት ማየት ይቻላል። በማሰሻው የአድራሻ ሳጥን `t.me/s/` ተብሎ የቻናሉ ስም ሲከተል ልጥፎቹ ከቀናቸውና ከዕይታቸው ጋር ይዘረዘራሉ። ከዚያ በኤክሴል ለእያንዳንዱ ልጥፍ አንድ መስመር ይሰጠዋል። በመስመሩ ላይ ቻናሉ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ዓይነቱ (ነጠላ ፎቶ፣ የፎቶ ስብስብ፣ ቪዲዮ ወይም ጽሑፍ ብቻ)፣ የዕይታ ብዛት፣ የስሜት ምልክቶች ብዛት፣ የአስተያየቶች ብዛት፣ በመጨረሻም ልጥፉ የሚመልሰው ጥያቄ ይሰፍራሉ። የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉም የሚበልጥ ዋጋ አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም እርሱ ነው።

መዝጋቢው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ጥቂት ወጥመዶች አሉ። እያንዳንዱ ልጥፍ በአድራሻው መጨረሻ ተከታታይ ቁጥር ስላለው የመጨረሻውን ከመጀመሪያው በመቀነስ የልጥፎችን ብዛት ማግኘት የሚቻል ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ስብስብ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ፎቶ የራሱን ቁጥር ይወስዳል፤ የተሰረዘ ልጥፍም ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። ስድስት ፎቶ ያለው አንድ ስብስብ በዚህ ስሌት ስድስት ልጥፍ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ልጥፎች በዓይን መቆጠር አለባቸው፤ አንድ ስብስብም አንድ ልጥፍ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ዜሮና ባዶ ናቸው። የቻናሉ ባለቤት የስሜት ምልክትን ወይም አስተያየትን ሊዘጋ ይችላል። በተዘጋ ቻናል ምንም ምላሽ አለመታየቱ ሰው አልወደደውም ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ቦታ 0 ሳይሆን «ዝግ» ተብሎ ይሞላል፤ አለዚያ ስሌቱ ዝምታን እንደ ጥላቻ ይቆጥረዋል።

ሦስተኛው ወጥመድ የዕይታ ቁጥር ራሱ ነው። ቴሌግራም አንድ ልጥፍ ወደ ሌላ ቦታ ተላልፎ የታየበትንም በዚያው ድምር ውስጥ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ልጥፍ ከቻናሉ የተለመደ ዕይታ አምስት እጥፍ ቢያገኝ ብዙ ተከታይ ያለው ሌላ ቻናል አስተላልፎት ሊሆን ይችላል። ከሺህ በላይ የሆነ ቁጥርም `2.1K` ተብሎ ተጠጋግቶ ስለሚጻፍ በሁለት ልጥፎች መካከል የሚገኝ የጥቂት ዐሥሮች ልዩነት ትርጉም የለውም።

በእነዚህ ምክንያቶች የእያንዳንዱ ቻናል የተለመደ ዕይታ በአማካይ ሳይሆን በሚዲያን ይለካል። ሚዲያን ቁጥሮች ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚገኘው ነው። አንድ ልጥፍ በማስተላለፍ ምክንያት እጅግ ቢያድግ አማካዩን ወደ ላይ ይጎትታል፤ ሚዲያኑን ግን እምብዛም አያናውጠውም። ዕይታው በዓምድ ኤፍ ከተመዘገበ በኤክሴል የሚጻፈው ቀመር ይህ ነው፦

```
=MEDIAN(F2:F29)
```

ሁሉንም ልጥፍ መመዝገብ አስፈላጊ አይደለም

ስድስቱ ቻናሎች በሃያ ስምንት ቀን ያወጧቸው ልጥፎች 544 ናቸው። ሁሉም ለድግግሞሽ ይቆጠራሉ፤ በዝርዝር መመዝገብ ግን የአንድን ሰው ብዙ ምሽቶች ይበላል፤ ስለዚህ ናሙና ይወሰዳል። እዚህ ላይ ቀላል የሚመስል ስሕተት አለ። ቻናል ሀ በቀን ስምንት ልጥፍ ስለሚያወጣ በየስምንቱ አንድ ቢወሰድ ሃያ ስምንት ልጥፍ ይገኛል። ነገር ግን ሁሉም የየቀኑ የመጀመሪያ ልጥፎች፣ ማለትም የጠዋት ልጥፎች ብቻ ይሆናሉ። የማታው ገበያ ሙሉ በሙሉ ከናሙናው ይወጣል።

መፍትሔው ከየቀኑ አንድ ልጥፍ በተዘዋዋሪ መምረጥ ነው። ከመጀመሪያው ቀን አንደኛው፣ ከሁለተኛው ቀን ሁለተኛው፣ ከሦስተኛው ቀን ሦስተኛው ይወሰድና የቀኑ ልጥፎች ሲያልቁ እንደ ገና ከአንደኛው ይጀመራል። በየቀኑ ከሚለጥፉት አምስት ቻናሎች ከእያንዳንዳቸው 28፣ ዐሥራ ሁለት ልጥፍ ብቻ ካወጣው ከቻናል ሠ ደግሞ ሁሉም ሲወሰዱ ናሙናው 152 ይሆናል።

ምዝገባው በአንድ ሰው ዓይን ብቻ እንዳይወሰን ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ሃያ ልጥፎችን ለየብቻ ይመዘግባሉ። «ዋጋ ተጽፏል» የሚለውን አንዱ «ከዚህ ዋጋ ጀምሮ» የሚለውንም ጨምሮ ሌላው ሳይጨምር ሊቆጥር ይችላል። ልዩነቱ ከሦስትና ከአራት ልጥፍ በላይ ከሆነ የዓምዱ ትርጉም ተስተካክሎ ይጻፋል፤ ከዚያ ቀሪው ይመዘገባል።

ድግግሞሽ የሚናገረውና የማይናገረው

የስድስቱ ቻናሎች ማጠቃለያ እንዲህ ሆነ።

| ቻናል | ተከታይ | ልጥፍ በ28 ቀን | የዕይታ ሚዲያን | ዕይታ ከተከታይ በመቶ |
|---|---|---|---|---|
| ሀ | 42,000 | 224 | 2,100 | 5 |
| ረ | 27,000 | 140 | 1,900 | 7 |
| ለ | 18,000 | 84 | 2,000 | 11 |
| ሐ | 9,500 | 56 | 1,400 | 15 |
| መ | 6,000 | 28 | 1,200 | 20 |
| ሠ | 3,200 | 12 | 800 | 25 |

ሠንጠረዡን የተመለከተ ሰው «ጥቂት የለጠፈ ብዙ ይታያል» ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል። ድምዳሜው ግን አይጸናም። ብዙ የሚለጥፉት ቻናሎች ብዙ ተከታይ ያላቸውም ናቸው። የቆየ ቻናል ድምፁን ያጠፉ፣ ቀሚሳቸውን ገዝተው የጨረሱ፣ ስልክ የቀየሩ ተከታዮች ይከማቹበታል፤ አንዳንዱም ተከታይ በገንዘብ የተገዛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቻናል ሀ አምስት በመቶ ከድግግሞሹ ይምጣ ከዕድሜው ይምጣ ሠንጠረዡ ብቻውን አይለይም።

የተሻለው ጥያቄ ቻናሉን ከራሱ ጋር ማነጻጸር ነው። ቻናል ሀ አራት ልጥፍ ባወጣባቸው ቀናት የልጥፎቹ የዕይታ ሚዲያን 2,300 ሆኖ ተገኘ እንበል፤ ዐሥር ባወጣባቸው ቀናት ደግሞ 1,900። ተከታዩ ያው ስለሆነ ይህ ልዩነት ወደ ድግግሞሽ ይበልጥ ይጠቁማል። ጭማሪው እያንዳንዱን ልጥፍ በጥቂቱ ይጎዳል፤ የቀኑን ጠቅላላ ዕይታ ግን ከ9,200 ወደ 19,000 ገደማ ያሳድጋል። ሆኖም ጠቅላላ ዕይታ የሰው ቁጥር አይደለም። አንድ ሰው ዐሥሩንም ልጥፍ ቢያይ ዐሥር ዕይታ ይመዘገባል።

ለትንሹ አውደ ሥራ ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የተወሰነ ነው። ቻናል ሀ ብዙ መለጠፉ ለራሱ የሚያዋጣው ይመስላል፤ ምክንያቱም በየቀኑ የሚለጠፍ ብዙ ዓይነት ዕቃ አለው። በሳምንት አምስትና ስድስት ቀሚስ የሚያወጣ አውደ ሥራ በዚያ ፍጥነት ቢሮጥ አንዱን ቀሚስ ደጋግሞ ከማሳየት በቀር ምርጫ የለውም። በድግግሞሽ መፎካከር የዚህ አውደ ሥራ ሜዳ አይደለም፤ ፍተሻው ይህን ማሳየቱ ራሱ ብዙ የባከነ ምሽት ያድናል።

ቪዲዮ ይበልጣልን?

ከ152ቱ ልጥፎች 61 ነጠላ ፎቶ፣ 64 የፎቶ ስብስብ፣ 19 ቪዲዮ፣ 8 ጽሑፍ ብቻ ሆነው ተገኙ። ለእያንዳንዱ ልጥፍ በሺህ ዕይታ ስንት የስሜት ምልክት እንደተሰጠ ሲሰላ የነጠላ ፎቶ ሚዲያን 6፣ የስብስብ 7፣ የቪዲዮ 15 ሆነ። ቪዲዮ ጥቂት ሆኖ ከእጥፍ በላይ ምላሽ ስላገኘ ክፍተቱ የተገኘ ይመስላል።

ነገር ግን ከ19ኙ ቪዲዮዎች 13ቱ የወጡት በቻናል መ እና በቻናል ሠ ነው። እነዚህ ትንንሽ ቻናሎች ፎቶም ቢለጥፉ ብዙ ምላሽ ያገኛሉ፤ ተከታዮቻቸው ጥቂትና ቅርብ ናቸውና። ስለዚህ ቪዲዮውን ከሌሎች ቻናሎች ፎቶ ጋር ማነጻጸር ቪዲዮን ሳይሆን ትንሽነትን መለካት ነው።

ይህን ለማረም የእያንዳንዱ ልጥፍ ምላሽ ለራሱ ቻናል ሚዲያን ይካፈላል። ውጤቱ 1 ከሆነ ልጥፉ ለዚያ ቻናል እንደ ወትሮው ነው፤ 2 ከሆነ እጥፍ አግኝቷል። በምሳሌው ይህ ሲደረግ ነጠላ ፎቶ 0.9፣ ስብስብ 1.0፣ ቪዲዮ 1.1 ሆነ። ከእጥፍ በላይ የነበረው ብልጫ ወደ ጥቂት ወረደ። ቪዲዮ ለማንሣትና ለማቀናበር የሚጠፋው ሰዓት ሲታሰብ ይህ ብልጫ አንድን አውደ ሥራ ከተለመደው ሥራው የሚያስወጣ አይደለም።

ክፍተቱ የተገኘበት ቦታ

እስካሁን የተለካው ተመልካቹ በአንድ ጣት ንክኪ የሚሰጠው ምላሽ ነው። የሚገዛ ሰው ግን ይጠይቃል። ከስድስቱ ቻናሎች አራቱ አስተያየት ክፍት ስለሆነ ከእነርሱ የመጨረሻዎቹ ሃምሳ ሃምሳ፣ በድምሩ 200 አስተያየቶች ተነበቡ። የጸሐፊዎቹ ስም አልተመዘገበም፤ የተመዘገበው የጥያቄው ዓይነት ብቻ ነው። ከ200ው 28ቱ ምስጋናና ሰላምታ ነበሩ። ቀሪዎቹ 172 ጥያቄዎች እንዲህ ተከፈሉ፦ 86 «ስንት ነው?»፣ 42 «በልኬ ይሰፋል?» ወይም «ሳይዙ ስንት ነው?»፣ 30 «ክፍለ ሀገር ትልካላችሁ?» ወይም «በስንት ቀን ይደርሳል?»፣ 14 ስለ ቀለምና ስለ አጠባብ።

አሁን ይህ በመጨረሻው ዓምድ ከተመዘገበው፣ ልጥፎቹ ከሚመልሱት ጥያቄ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል። ዋጋ ከጥያቄዎቹ ግማሹን ይይዛል፤ ዋጋ የጻፉት ልጥፎች ግን 21፣ ማለትም 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለ ልኬት የተጠየቀው 24 በመቶ ሲሆን ስለ ልኬት የተናገሩት ልጥፎች ከ152ቱ ሦስት ብቻ ሆኑ፤ ሁለት በመቶ። ስለ መላኪያ የተጠየቀው 17 በመቶ ሲሆን ግማሾቹ ልጥፎች፣ 76ቱ፣ ከግርጌ መልሰውታል። ቀለምና አጠባብ በሁለቱም በኩል ትንሽ ነው።

በቁጥር ትልቁ ክፍተት ዋጋ ነው። ሆኖም ከመቸኮል በፊት ሻጮች ዋጋ ለምን እንደማይጽፉ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዋጋን በውስጥ መስመር ማድረግ ገዢውን ወደ ንግግር ያስገባል፣ ለድርድር ቦታ ይተዋል፣ ተፎካካሪ በአንድ መቶ ብር ዝቅ አድርጎ እንዳይለጥፍም ይከላከላል። የድርና የማግ ዋጋ ሲለዋወጥ የቆየ ልጥፍ ሻጩን ያስወቅሰዋል። ስለዚህ ይህ ባዶ ቦታ የተረሳ ሳይሆን ሆን ተብሎ የተተወ ነው። አውደ ሥራው ዋጋ ቢጽፍ ሊጠቅመው ይችላል፤ ግን ማንኛውም ተፎካካሪ በማግስቱ ሊከተለው ይችላል።

ልኬት ከዚህ ይለያል። ጥያቄው ብዙ ነው፣ መልሱ የለም፣ መልስ ለመስጠትም ሥራውን ማወቅ ይጠይቃል። በሜትር የት ተጀምሮ የት እንደሚለካ፣ ለደረትና ለወገብ ምን ያህል ትርፍ እንደሚተው፣ የቀሚሱ ርዝመት ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት በጫማ ይሁን ያለ ጫማ እንደሚወሰድ የሚያውቀው ሰፊው ነው። ሸማኔና ሰፊ በእጁ የሌለው፣ የተዘጋጀ ቀሚስ ተረክቦ የሚሸጥ ቻናል ይህን ቢጽፍ እንኳ በልክ ሰፍቶ ሊያስረክብ አይችልም። ጉዳዩ ለአውደ ሥራው ከማስታወቂያ በላይ ነው፤ በተሳሳተ ልክ የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም፤ ከጫፉ ያለው ጥበብ የሸማኔው የቀናት ልፋት ነው።

ስለዚህ ለአንድ ክፍተት ሦስት መመዘኛ ይበቃል። ገዢ ይጠይቃልን? ተፎካካሪ ሳይመልስ ትቶታልን? መልሱን መስጠት የሚችለው ሁሉም ሰው ነው ወይስ ይህ አውደ ሥራ? ዋጋ ሁለቱን አልፎ በሦስተኛው ይወድቃል፤ መላኪያ በሁለተኛው ይወድቃል፤ ልኬት ሦስቱንም ያልፋል።

ባዶ ቦታ ሁሉ ክፍተት አይደለም

አንድ ነገር በገበያው አለመኖሩ ተሞክሮ የከሸፈ በመሆኑም ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ በእያንዳንዱ ቻናል የፍለጋ ሳጥን «ልኬት»፣ «ሳይዝ»፣ «በልክ» የሚሉ ቃላት ገብተው የቆዩ ልጥፎች ይታያሉ። አንድ ቻናል ከዓመት በፊት ስለ ልኬት ደጋግሞ ለጥፎ በድንገት ካቆመ ምክንያቱ መመርመር አለበት። በምሳሌው እንዲህ ያለ ታሪክ አልተገኘም። የተገኙት ሦስቱ ልጥፎች ከየቻናላቸው ሚዲያን ጋር ሲነጻጸሩ 1.3፣ 1.0 እና 1.6 ናቸው። ይህ አያስከፋም፤ ሦስት ልጥፍ ግን ማስረጃ አይባልም፣ ፍንጭ ነው።

ፍተሻው የማያየውም አለ። በውስጥ መስመር የሚካሄደው ንግግርና የሽያጩ መጠን ከውጭ አይታይም። አስተያየት የሚጽፉትም ከሁሉም ገዢ የተለዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ደፋሩ ይጽፋል፣ ዓይናፋሩ ይደውላል። ይህን ለመሙላት ገዢ መስሎ ለተፎካካሪ መልእክት መላክ የሌላውን ሰው ጊዜ በሐሰት መውሰድ ነው። ቀላሉና ቅኑ መንገድ አውደ ሥራው የራሱን የውስጥ መስመር ማንበብ ነው። ወደ እርሱ ከመጡት የመጨረሻዎቹ ሃምሳ መልእክቶች ስንቶቹ ስለ ልኬት ጠየቁ? እዚያም ልኬት ጎልቶ ከታየ ሁለት ምስክር ተገኘ ማለት ነው።

ከሠንጠረዡ ወደ ሙከራ

ከዚህ በኋላ የሚቀረው አጭር ሙከራ ነው። ከኅዳር 8 እስከ ታኅሣሥ 5፣ እንደ ገና አራት ሙሉ ሳምንታት፣ አውደ ሥራው ማክሰኞና ዓርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ስለ ልኬት አንድ አንድ ልጥፍ ያወጣል፤ በድምሩ ስምንት። ሌላው ልጥፍ እንደ ወትሮው ይቀጥላል። አንዱ ደረትን፣ አንዱ ወገብን፣ አንዱ ርዝመትን፣ አንዱ የልጅ ቀሚስን እየወሰደ ሜትሩ በሰው ላይ ተዘርግቶ በፎቶ ስብስብ ያሳያል። ቪዲዮ የግድ አይደለም፤ ቀደም ሲል እንደታየው የዓይነቱ ብልጫ ትንሽ ነው።

የሚለካው ውጤት ከመጀመሩ በፊት መወሰን አለበት፤ አለዚያ በመጨረሻ ያደገው ቁጥር ሁሉ ድል ተብሎ ይቆጠራል። እዚህ የሚመረጡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሳይጠየቁ ልካቸውን ጽፈው ከሚያዝዙት ሰዎች ከጠቅላላ አዛዦች ያላቸው ድርሻ ነው። ሁለተኛው ከተሰፉት ቀሚሶች ለማስተካከያ የተመለሱት ድርሻ ነው። በጥቅምት ከ20 ቀሚስ 5ቱ ተመልሰው ከነበረ መነሻው 25 በመቶ ነው። ብዛት ሳይሆን ድርሻ የተመረጠው ገና ታኅሣሥ 29 ስለሚውል በሙከራው ሳምንታት ትእዛዝ በራሱ ስለሚጨምር ነው፤ የትእዛዝ ማደግ ከበዓሉ ይምጣ ከልጥፉ ይምጣ መለየት አይቻልም።

በአራት ሳምንት ውስጥ ከ24 ቀሚስ 3ቱ ቢመለሱ መልካም ምልክት ነው፤ ነገር ግን ከአምስት ወደ ሦስት መውረድ በአጋጣሚም የሚሆን ነው። ከዚሁ ጋር ልካቸውን ጽፈው የሚመጡት ድርሻ ከፍ ካለ ሁለቱ ተደጋግፈው ሙከራውን ለሌላ አራት ሳምንት ማራዘም ተገቢ መሆኑን ያሳያሉ። የስሜት ምልክቱ ቢበዛና ሁለቱ ድርሻዎች ካልተነቃነቁ ግን ልጥፉ ተወደደ እንጂ ሥራ አልሠራም።

በዚያው ጊዜ ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ስለ ልኬት መለጠፍ ቢጀምር እንኳ የሠንጠረዡ ሥራ አይባክንም። ዓምዶቹ ተዘጋጅተዋል፣ የእያንዳንዱ ቻናል ሚዲያን ታውቋል፤ በሚቀጥለው በዓል አልባ ወር ሃያ ስምንት ቀን ተመዝግቦ 200 አስተያየት ሲነበብ ቀጥሎ ያልተመለሰው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ይታያል።